ጎግል ይከፍታል፣ የባንኩ ገጽ ግን እየዞረ ይቀራል

የኢንተርኔት ብልሽት ብዙውን ጊዜ ግልጽ ነው። መስመሩ ሲቋረጥ ሁሉም ነገር ይቋረጣል፤ ሲዘገይ ደግሞ ሁሉም ይዘገያል። አንድ ዓይነት ብልሽት ግን ከዚህ ይለያል። ጎግል ላይ የጻፉት ጥያቄ ወዲያው ይመለሳል። ቴሌግራም ይልካል፣ ይቀበላል። ዩቲዩብም ያለ ችግር ይጫወታል። የባንኩን ገጽ ሲከፍቱ ግን ክቡ ምልክት መዞር ይጀምራል፤ ገጹ ነጭ እንደሆነ ደቂቃ ያልፋል። ስህተት አለ የሚል ጽሑፍ እንኳ ቶሎ አይመጣም። ያንኑ ገጽ በስልክ ዳታ ሲከፍቱት ደግሞ በሰከንድ ይመጣል።

ባንኩ ዘንድ ሲደወል "በእኛ በኩል ችግር የለም" የሚል መልስ ይሰጣል፤ ለሌላው ደንበኛ ሁሉ ስለሚሠራ ትክክል ይመስላል። አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ሲደወል ፍጥነቱ ይለካል፣ ፍጥነቱም የተከፈለበትን ያህል ነው። ኮምፒውተሩ ቫይረስ አለበት ተብሎ ይጸዳል፤ ብራውዘሩ ይጠፋና እንደገና ይጫናል፤ ምንም አይለወጥም። ምክንያቱም ጥፋቱ የፍጥነትም የቫይረስም አይደለም። ጉዳዩ የፓኬት መጠን ነው፤ ከዚያም በላይ፣ መድረስ ሲገባው ያልደረሰ አንዲት አጭር መልእክት ነው።

የጎደሉት 8 ባይቶች

በኢንተርኔት የሚሄድ ነገር ሁሉ ፓኬት በሚባሉ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ይጓዛል። እያንዳንዱ መስመር ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ፓኬት ትልቁ መጠን ወሰን አለው። ይህ ወሰን ኤምቲዩ ይባላል። ኮምፒውተርን ከራውተር በሚያገናኘው የተለመደው የኤተርኔት ገመድ ወሰኑ 1500 ባይት ነው፤ በዋይፋይም በተግባር የሚሠራበት ይኸው ቁጥር ነው። ሰርቨሮችም አብዛኛውን ጊዜ በኤተርኔት ላይ ስለሚቀመጡ፣ በሁለቱም ጫፍ ያለው መሣሪያ ዓለምን የሚያየው በ1500 መነጽር ነው።

በመካከል ያለው መንገድ ግን ሁልጊዜ 1500 አይሸከምም። በብዙ አገር የቤትና የቢሮ መስመር የሚያገናኘው ፒፒፒኦኢ በተባለ ስልት ነው፤ በ1999 በጽሑፍ ወጥቶ የተስፋፋ ነው። በራውተራችሁ ቅንብር ውስጥ አገልግሎት ሰጪው የሰጣችሁ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ተሞልቶ ከሆነ የሚገናኘው፣ ይህ ስልት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ስልቱ ደንበኛውን ለመለየትና ሒሳቡን ለመያዝ ይመቻል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የራሱን 8 ባይት ይጨምራል። ገመዱ ያው ኤተርኔት፣ ወሰኑም ያው 1500 ስለሆነ፣ 8ቱ የሚቀነሱት ከተጠቃሚው ድርሻ ነው። የሚቀረው 1492 ነው።

8 ባይት ምንም አይመስልም። 1492 ባይት የሆነ ፓኬት ያልፋል፣ 1493 የሆነው ግን አያልፍም፤ ጉዳዩ የማለፍና ያለማለፍ ነው።

ሁለት ኮምፒውተሮች ቲሲፒ በተባለው ደንብ ሲገናኙ፣ ገና በመጀመሪያው ሰላምታ ስለ መጠን ይነጋገራሉ። እያንዳንዱ "ለእኔ ስትልክ የአንዱ ፓኬት ጭነት ከዚህ አይብለጥ" ብሎ ቁጥር ይናገራል። ቁጥሩ ኤምኤስኤስ ይባላል። አሰላሉም ቀላል ነው፤ ከ1500 ላይ 20 ባይት ለአድራሻው ክፍል፣ 20 ባይት ለቲሲፒው ክፍል ይቀነስና 1460 ይሆናል። ኮምፒውተሩ የሚያየው እስከ ራውተሩ ያለውን ገመድ ብቻ ስለሆነ 1460 ይላል። ሰርቨሩም የራሱን ገመድ አይቶ 1460 ይላል። ስምምነቱ አለቀ። በመካከል ያለው 1492 በዚህ ስምምነት ላይ አልተጠየቀም፤ ሊጠየቅም አይችልም፣ ሰላምታው የሁለቱ ጫፎች ብቻ ነውና።

በአንዲት መልእክት ላይ የቆመ ሥርዓት

ይህን ክፍተት ለመሙላት ጄፍሪ ሞጉልና ስቲቭ ዲሪንግ በኅዳር ወር 1990 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አንድ ሰነድ አወጡ፤ በባለሙያዎች ዘንድ አርኤፍሲ 1191 በሚለው መጠሪያው ይታወቃል። ከዚያ በፊት ሁለት አማራጭ ነበር። ወይ በመንገድ ላይ ያለው ራውተር ትልቁን ፓኬት ይቆራርጠዋል፤ ይህ ለራውተሩ አድካሚ ነው፣ ከቁርጥራጮቹ አንዱ ከጠፋም ሁሉም እንደ አዲስ መላክ አለበት። ወይ ደግሞ ላኪው ሩቅ ለሆነ ሁሉ ከ576 ባይት አልበልጥም ብሎ በትንሽ በትንሹ ይልካል፤ ይህ ደግሞ ሰፊውን መንገድ ያባክናል።

ሞጉልና ዲሪንግ ያሰቡት፣ ላኪው ፓኬቱ ላይ "አትቁረጡኝ" የሚል ምልክት አድርጎ በሙሉ መጠኑ እንዲልክ ነው። ፓኬቱ የማይበቃው መስመር ጋ ሲደርስ፣ እዚያ ያለው ራውተር ይጥለውና ለላኪው አጭር መልእክት ይመልሳል፤ "መቁረጥ ነበረብኝ፣ ከልክለኸኛል፤ የእኔ ቀጣይ መስመር ወሰን 1492 ነው" የሚል ነው። መልእክቱ አይሲኤምፒ በተባለው የኔትወርክ የማሳወቂያ ቋንቋ የሚጻፍ ሲሆን ዓይነት 3፣ ኮድ 4 ይባላል። ላኪው ያንን ሲያነብ መጠኑን ያሳንሳል፣ እንደገና ይልካል፣ ነገሩ ያልቃል። ዛሬ ዊንዶውስም ሊኑክስም የቲሲፒ ፓኬታቸውን የሚልኩት ያንን ምልክት አድርገው ነው።

ሐሳቡ የሚያምር ነው። ድክመቱ ግን ከውበቱ አይርቅም፤ ሁሉ ነገር በዚያች አንዲት መልእክት ላይ ተንጠልጥሏል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው የሚሠራ ቁም ሳጥን አስቡ። ወንበሩም ጠረጴዛውም በደረጃው በሰላም ወጥቷል። ቁም ሳጥኑ ግን "አይፈታም" ተብሎ የተላከ ነውና ደረጃው ሲታጠፍ ይሰነቀራል። ተሸካሚው ለአናጢው ደውሎ "ስምንት ሴንቲ አሳንሰው" ማለት ነበረበት፤ የአናጢው ስልክ ግን ዝግ ነው። አናጢውም ዕቃው አልደረሰም ሲባል፣ ምክንያቱን ስለማያውቅ፣ ያንኑ ቁም ሳጥን በዚያው መጠን ሠርቶ እንደገና ይልካል።

ስልኩን የሚዘጋው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ ከሰርቨሩ ፊት የቆመው ፋየርዎል ነው። አይሲኤምፒ ፒንግም የሚላክበት ቋንቋ ነው። ፒንግ ለአጥቂዎች መንገድ ያሳያል የሚል ሥጋት ለረጅም ጊዜ ስለነበረ፣ ብዙ አስተዳዳሪ "አይሲኤምፒ በሙሉ ይዘጋ" የሚል ደንብ ጽፎ አርፏል። ፒንግን ለመከልከል ብሎ ዓይነት 3 ኮድ 4ንም አብሮ አስወጥቷል። ይህ በእኔ እምነት ጥንቃቄ ሳይሆን ስንፍና ነው፤ ሁለቱን ለይቶ መፍቀድ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነውና።

ሆኖም ጥፋቱ ሁልጊዜ የቸልተኛ አስተዳዳሪ አይደለም። ትልልቅ ድርጅቶች ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ያስቀምጡና የሚመጣውን ፓኬት ለሰርቨሮቹ ያከፋፍላሉ። የማሳወቂያዋ መልእክት ግን የመጣችው ከመንገድ ላይ ካለ ራውተር እንጂ ከደንበኛው ስላልሆነ፣ አከፋፋዩ ወደ ሌላ ሰርቨር ሊጥላት ይችላል። የደረሳት ሰርቨር ጉዳዩን አያውቀውም፤ የሚመለከተው ደግሞ አልሰማም። ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ በ2015 ይህ በራሱ ኔትወርክ እንደገጠመው በይፋ ጽፎ፣ መልእክቷን ለሁሉም ሰርቨር የሚያዳርስ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ አውጥቷል።

እንዲህ ትልቅ ፓኬት ገብቶበት ድምፁ የማይሰማበትን መንገድ ባለሙያዎቹ ጥቁር ጉድጓድ ይሉታል። በ2000 የወጣ ሌላ ሰነድም፣ አርኤፍሲ 2923፣ ችግሩን በዚሁ ስም መዝግቦታል።

በቢሮው የሆነው

አንድ የሒሳብ ቢሮ እንውሰድ። ስድስት ኮምፒውተር አለው፤ መስመሩ በፒፒፒኦኢ የሚገናኝ ነው። የድሮው ራውተር ተቃጠለና አዲስ ተገዛ። ከዚያ ወዲህ የባንኩ ገጽ እንቢ አለ። ባለሙያ ተጠራ።

"ኧረ ወንድሜ፣ ኢንተርኔቱስ አለ፤ ይኸው ጎግሉ ይከፍታል" ይላሉ ኃላፊዋ። "የባንኩ ብቻ ነው ያስቸገረን።"

"እትዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ይሄ አዲሱ ከገባ ወዲህ። በድሮው ይከፍት ነበር እንጂ!"

ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወርቅ ናት። መስመሩ አልተቀየረም፣ ባንኩም አልተቀየረም፤ የተቀየረው ራውተሩ ነው። የድሮው ራውተር ማንም ሳያውቅለት ሲሠራው የኖረ አንድ ሥራ ነበረ ማለት ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት፣ ገጹ ሲዞር በገመዱ ውስጥ የሚሆነውን በዝግታ እንየው።

ኮምፒውተሩ ለባንኩ ሰርቨር ሰላምታ ይልካል። ሰላምታው ከ60 ባይት አይበልጥም፤ ያልፋል። የሰርቨሩም መልስ ያንኑ ያህል ነው፤ ያልፋል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ተገናኝተዋል፣ ኤምኤስኤሱም 1460 ተብሎ ተስማምተዋል። ብራውዘሩ ምስጢራዊ ግንኙነት ለመጀመር ጥያቄውን ያቀርባል፤ እሱም ይደርሳል። አሁን ተራው የሰርቨሩ ነው። ማንነቱን የሚያረጋግጥበትን ሰርተፊኬት ከነአጃቢዎቹ ይልካል፤ በአጠቃላይ 4000 ባይት ነው እንበል። ያ በሦስት ፓኬት ይከፈላል፤ 1460፣ 1460 እና 1080። በየአንዳንዱ 40 ባይት ሲጨመር 1500፣ 1500 እና 1120 ይሆናሉ።

ሦስቱ ፓኬቶች አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ያለው የፒፒፒኦኢ መሣሪያ ላይ ይደርሳሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከ1492 ይበልጣሉ፣ "አትቁረጡኝ" የሚልም ተጽፎባቸዋል፤ ይጣላሉ። መሣሪያው ማሳወቂያውን ለባንኩ ሰርቨር ይልካል፤ የባንኩ ፋየርዎል በር ላይ ይመልሰዋል። ሦስተኛው ፓኬት ግን ትንሽ ነውና ያልፋል! ኮምፒውተሩ ራስ የሌለው ጅራት ደረሰው። "መጨረሻው ደርሶኛል፣ መጀመሪያው ግን የለም" ብሎ ለሰርቨሩ ይመልሳል። ሰርቨሩ የመጀመሪያውን እንደገና ይልካል፤ በዚያው በ1500። ይጣላል። ጥቂት ይጠብቅና ይደግማል፤ ከዚያ እጥፍ ያህል ጠብቆ ይደግማል፤ ከዚያም የእጥፍ እጥፍ። ለሰርቨሩ ይህ ተራ የመስመር መጨናነቅ ይመስለዋል፤ መጨናነቅ ሲኖር ደግሞ የሚጠበቅበት መታገሥ ነው። ብራውዘሩም ስለተገናኘ ተስፋ አይቆርጥም። ፋየርፎክስ ከታች በግራ ጥግ `Performing a TLS handshake to` ብሎ የባንኩን ስም ጽፎ እዚያው ይቆማል።

ዋየርሻርክ በተባለው የፓኬት መመልከቻ ይህን ያየ ሰው አይረሳውም። ሰላምታው በሥርዓቱ ሄዶ፣ ድንገት `TCP Previous segment not captured` የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ ጭራው መጥቶ ፊቱ ጎድሏል ማለት ነው። በተራ መጨናነቅ የሚጠፋው ፓኬት ትንሽም ትልቅም ይሆናል። እዚህ ግን የሚጠፋው ሁልጊዜ ሙሉ መጠን ያለው ብቻ ነው።

ትንሽ ገጽ ለምን እንደሚከፍት አሁን ግልጽ ነው። መልሱ በሙሉ 900 ባይት የሆነ ገጽ በአንድ ትንሽ ፓኬት ይመጣል፤ ከወሰኑ ጋር አይገናኝም። ኢሜይልም እንዲሁ ነው፤ አጭሩ ይደርሳል፣ አባሪ ያለበት ይሰነቀራል። ጎግልና ዩቲዩብ ግን ትንሽ አይደሉም፤ እነሱስ? እነሱ በሌላ ምክንያት ነው የሚያልፉት። አብዛኛው ግንኙነታቸው ዛሬ የሚሄደው ኩዊክ በተባለው አዲስ ደንብ ነው፤ ኩዊክ ደግሞ 1200 ባይት አካባቢ ካለ መጠን ይጀምርና መንገዱ ሲፈቅድለት ብቻ ያሳድጋል። ሌሎች የሚከፍቱ ገጾች ደግሞ ፋየርዎላቸው ማሳወቂያውን የሚያሳልፍላቸው ናቸው፤ አንዴ ይሰሙና ያሳንሳሉ፣ ተጠቃሚው ምንም አያውቅም። ስለዚህ ጥፋቱ የሚታየው ሁለት ነገር በሚገናኝበት ቦታ ብቻ ነው፤ ጠባብ መስመር በዚህ፣ ደንቆሮ ፋየርዎል በዚያ። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አያስተውለውም።

ከቢሮው ወደ ባንኩ የሚሄደው ትልቅ ፓኬትስ? እሱን የሚያስቆመው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያለው ራውተር ነው፤ ማሳወቂያውም በቢሮው ገመድ ውስጥ ብቻ ስለሚሄድ የሚከለክለው የለም። ለዚህ ነው መላክ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው፣ መቀበል የሚሰነቀረው።

ባለሙያው በጥርጣሬ ብቻ አይሄድም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ይህን ይጽፋል፦

```
ping -f -l 1472 example.com
ping -f -l 1464 example.com
```

ይህ የዊንዶውሱ ነው፤ በሊኑክስ `ping -M do -s 1472 example.com` ይሆናል። 1472 ላይ 28 ባይት የአድራሻና የአይሲኤምፒ ክፍል ሲጨመር 1500 ይሞላል፤ 1464 ላይ ሲጨመር 1492። የመጀመሪያው `Packet needs to be fragmented but DF set` ካለ ወይም ዝም ካለ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመለሰ፣ መስመሩ 1492 ነው። አንዳንድ ሰርቨር ለፒንግ ጨርሶ ስለማይመልስ፣ መጀመሪያ በትንሽ መጠን ሞክሮ መልስ መኖሩን ማየት ይገባል።

ፒንጉ ጠባብ መስመር መኖሩን ይናገራል እንጂ የባንኩ ገጽ የቆመው በዚያ ምክንያት መሆኑን አይናገርም። ያንን የሚያረጋግጥልኝ ብዬ የማምነው ሌላ ሙከራ ነው። የአንዱን ኮምፒውተር ኤምቲዩ ለጊዜው ዝቅ ማድረግ፦

```
netsh interface ipv4 set subinterface "Wi-Fi" mtu=1400 store=active
```

በአስተዳዳሪ መብት ይጻፋል፤ በጥቅሶቹ መካከል የሚገባው ኮምፒውተሩ ለግንኙነቱ የሰጠው ስም ነው፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ይጠፋል። ከዚህ በኋላ ያ ኮምፒውተር በሰላምታው 1460 ማለቱን ትቶ 1360 ይላል። ብራውዘሩ ተዘግቶ ሲከፈት የባንኩ ገጽ በአንዴ ከመጣ፣ ሌሎቹ አምስቱ ላይ ደግሞ አሁንም ከዞረ፣ ምርመራው አልቋል።

በሰላምታው ላይ የሚደረገው እርማት

ስድስቱንም ኮምፒውተር፣ የእንግዶቹን ስልክ፣ ነገ የሚገዛውን ላፕቶፕ እየዞሩ ማስተካከል አይቻልም። የድሮው ራውተር ሲሠራው የነበረው ሥራ ይህንን ያስቀራል፤ ኤምኤስኤስ ክላምፒንግ ይባላል። ራውተሩ በእሱ በኩል የሚያልፈውን የቲሲፒ ሰላምታ ያነባል። ኮምፒውተሩ 1460 ብሎ የጻፈውን ሲያገኝ ይሰርዝና 1452 ብሎ ይጽፋል፤ ይህም 1492 ሲቀነስ 40 ነው። የፓኬቱን ማረጋገጫ ድምር ያስተካክልና ያሳልፈዋል። የባንኩ ሰርቨር ደንበኛው ራሱ 1452 ያለ ይመስለዋል፤ ሰርተፊኬቱን በ1452 ይቆራርጣል፤ እያንዳንዱ ፓኬት ልክ 1492 ሆኖ ይደርሳል። የሚጣል የለም፣ ማሳወቂያ የለም፣ ፋየርዎሉ ቢዘጋም ባይዘጋም ለውጥ የለውም።

የዘዴው ብልኀት እዚህ ላይ ነው። የጠፋውን መልእክት ለመመለስ አይታገልም፤ መልእክቱ እንዳያስፈልግ ያደርጋል። ከሰላምታው በኋላ ባሉት ፓኬቶች ላይም እጁን አያስገባም፤ ስለዚህ ራውተሩን አያደክምም።

በሊኑክስ ላይ ለሚሠራ ራውተር ትእዛዙ ይህ ነው፦

```
iptables -t mangle -A FORWARD -p tcp \
  --tcp-flags SYN,RST SYN -j TCPMSS --clamp-mss-to-pmtu
```

በሁለቱም አቅጣጫ የሚያልፈውን ሰላምታ ይነካል፤ የሰርቨሩንም 1460 ወደ 1452 ያወርደዋል፣ ኮምፒውተሩም ከዚያ በላይ እንዳይልክ። የዚሁ ትእዛዝ ማኑዋል አይሲኤምፒን የሚዘጉ አገልግሎት ሰጪዎችንና ሰርቨሮችን በግልጽ ይሳደባል፤ በቴክኒክ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ የማይታይ ንዴት ነው። በማይክሮቲክ ራውተር በፒፒፒ ፕሮፋይሉ ውስጥ `Change TCP MSS` የሚለውን `yes` ማድረግ ነው፤ በሲስኮ `ip tcp adjust-mss 1452`፤ በኦፕንደብልዩአርቲ በፋየርዎሉ ገጽ `MSS clamping` የሚለው ሳጥን ነው። ርካሽ በሆኑ የቤት ራውተሮች አንዳንዱ ፒፒፒኦኢ ሲመረጥ ራሱ ያደርገዋል፣ አንዳንዱ ኤምቲዩውን 1492 አድርጉ ብሎ ከተነገረው በኋላ፣ አንዳንዱ ግን ከነጭራሹ አያውቀውም።

እርማቱ ከተደረገ በኋላ ገጹ አሁንም የሚዞር ከሆነ ተስፋ አይቆረጥም። ኤምኤስኤስ የሚነገረው በሰላምታ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ቀድሞ የተከፈተ ግንኙነት በድሮው ቁጥር ይቀጥላል። ብራውዘሩን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ መክፈት ያስፈልጋል።

ዋጋው ስንት ነው? 100 ሚሊዮን ባይት የሆነ ፋይል በ1460 ሲከፈል ወደ 68,500 ፓኬት ይሆናል፤ በ1452 ሲከፈል ወደ 380 የሚሆኑ ፓኬቶች ይጨመራሉ። ከግማሽ በመቶ ብዙም አይበልጥም፤ ማንም አይሰማውም። ስለዚህ "ለማንኛውም" እያሉ ቁጥሩን 1000 ላይ የሚያወርዱ ባለሙያዎች አይገቡኝም። ገጹ ይከፍታል፤ ነገር ግን ያለ ምክንያት ከሚላከው እያንዳንዱ ፓኬት ሲሶ ያህሉን መጣል ነው፤ እውነተኛው ወሰን ስንት እንደሆነም ተደብቆ ይቀራል።

ክላምፒንጉ የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ። አዲሱን የአድራሻ ሥርዓት፣ አይፒቪ6ን፣ የሚጠቀም መስመር ከሆነ ከላይ ያለው ትእዛዝ አይነካውም፤ ለእሱ `ip6tables` በሚለው ተደግሞ መጻፍ አለበት። የአድራሻው ክፍልም 40 ባይት ስለሆነ ቁጥሩ 1432 ይሆናል። በአይፒቪ6 ራውተሮች ጭራሽ አይቆርጡምና፣ የማሳወቂያዋ መልእክት መጥፋት እዚያ ይበልጥ ይጎዳል። ቲሲፒ ያልሆነ ነገር ሁሉም ከክላምፒንጉ ውጭ ነው፤ በዩዲፒ የሚሄድ ጨዋታም ሆነ የድምፅ ጥሪ ሰላምታ ላይ የሚነገር ኤምኤስኤስ የለውም።

ሦስተኛው ቪፒኤን ነው። ለውጭ ድርጅት ከቤቱ የሚሠራ ሰው የድርጅቱን ቪፒኤን ሲከፍት፣ ፓኬቱ በሌላ ፓኬት ውስጥ ይጠቀለላል፤ መጠቅለያው ቦታ ይወስዳል። ዋየርጋርድ የተባለው ለምሳሌ እስከ 80 ባይት ስለሚወስድ የራሱን ኤምቲዩ ከመነሻው 1420 ያደርጋል። ቪፒኤኑ ውስጥ ያለው ሰላምታ ከተመሰጠረ በኋላ የቤቱ ራውተር አያነበውም፤ ስለዚህ እርማቱ መደረግ ያለበት ከመመስጠሩ በፊት፣ በቪፒኤኑ ጫፍ ላይ ነው፤ በዚህ ምሳሌ 1380 ተብሎ። ቪፒኤን ሲከፈት ብቻ የሚሰነቀር ገጽ ካለ፣ ጥርጣሬው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

`--clamp-mss-to-pmtu` የሚያውቀው ደግሞ ራውተሩ የሚያየውን የራሱን መስመር ብቻ ነው። ጠባቡ ቦታ ከዚያ አልፎ ከሆነ ሊገምት አይችልም፤ ያን ጊዜ ተለክቶ የተገኘው ቁጥር `--set-mss` በሚለው በእጅ ይሰጠዋል።

ይህ ሁሉ ከደንበኛው ወገን የሚሠራ ነው። በባንኩ ወገን ያለው አስተዳዳሪ ከፈለገ በአንድ ትእዛዝ የሁሉንም ደንበኛ ችግር ያነሣ ነበር፦

```
iptables -I INPUT -p icmp --icmp-type fragmentation-needed -j ACCEPT
sysctl -w net.ipv4.tcp_mtu_probing=1
```

የመጀመሪያው መስመር ለዚያች መልእክት ብቻ በር ይከፍታል፤ ፒንግ እንደተዘጋ ይቀጥላል። ሁለተኛው መልእክቷ ሌላ ቦታ ብትጠፋም እንኳ፣ ሰርቨሩ ትልቁ ፓኬት ደጋግሞ ሲጠፋበት ራሱ አሳንሶ እንዲሞክር ያደርገዋል፤ ይህ ስልት በ2007 ተጽፎ የወጣ ቢሆንም በሊኑክስ ሳይነካ ከተተወ ዝግ ነው። የሒሳብ ቢሮው ባለሙያ ለባንኩ ይህን ሊጽፍ ቢፈልግ፣ "ገጻችሁ አይከፍትም" ማለት አይጠቅመውም፤ ለእነሱ ይከፍታልና። የሚጠቅመው የዋየርሻርኩን ምስል አያይዞ "ሙሉ መጠን ያላቸው ፓኬቶቻችሁ 1492 ወሰን ባለው መስመር አይደርሱም፤ ፋየርዎላችሁ ዓይነት 3 ኮድ 4ን እንደሚያሳልፍ አረጋግጡልን" ብሎ መጻፍ ነው።